ቤቱ ለምን አልታየም?

“አስቸኳይ!! እጅግ ውብና ዘመናዊ ቤት በተመጣጣኝ ዋጋ ይከራያል!!!”

ይህ ርዕስ በአንድ የቤት ኪራይ ድረ ገጽ ላይ ለሁለት ወር ተኩል ተቀምጦ ነበር። የጻፈው የ19 ዓመት ወጣት ሲሆን ቤቱ የአያቱ ነው። አያቱ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። የልጅ ልጆቻቸውን ለመያዝ ከሰሚት ኮንዶሚኒየማቸው ወጥተው ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። የኪራዩ ገንዘብ የጡረታ ደመወዛቸው የማይሸፍነውን የስኳርና የግፊት መድኃኒት ይሸፍናል ተብሎ ታስቦ ነበር። በሁለት ወር ተኩል ውስጥ የደወሉት አራት ሰዎች ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ ደላሎች ነበሩ፤ ሦስተኛው “ቤቱ የት ነው?” ብሎ ጠይቆ ዘጋው።

ልጁ አልሰነፈም። ፎቶ አንስቷል፣ ሁሉንም ሞልቻለሁ ብሎ ያምናል። እኔም ማስታወቂያውን ሳየው የታዘብኩት ነገር በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ያለ ስለሆነ፣ የዚህን ሳምንት ገጽ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ቤት ያላችሁ ወላጆችና አያቶች ማስታወቂያውን ራሳችሁ ባትጽፉትም፣ ልጆቹ ከመለጠፋቸው በፊት ምን ብላችሁ እንደምትጠይቋቸው ማወቅ ይጠቅማችኋል።

በመጀመሪያ ተከራዩ ቤት እንዴት እንደሚፈልግ እንይ። የጋዜጣ ማስታወቂያን ሰው ከላይ እስከ ታች ያነበው ነበር። በስልክ እንደዚያ የሚያነብ የለም። ተከራዩ ድረ ገጹን ከፍቶ ሦስት አራት ነገር ይመርጣል፦ ሰፈር፣ የመኝታ ቤት ብዛት፣ ከዚህ እስከዚህ ብር። ይህን ማጣሪያ ልጆቹ ፊልተር ይሉታል። ማጣሪያው ሲነካ ከሺህ ቤት ሠላሳ ወይም አርባ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ነው ርዕስ የሚነበበው፣ ፎቶ የሚታየው። ማጣሪያው የጣለውን ቤት ርዕሱ ምንም ቢያምር አያድነውም።

የእኚህ እናት ቤት የወደቀው እዚያ ላይ ነበር። ልጁን ማስታወቂያው የተሞላበትን ቅጽ እንዲከፍትልኝ ጠየቅሁት። አካባቢ በሚለው ቦታ “አዲስ አበባ” ብቻ ተብሏል። የመኝታ ቤት ብዛት ባዶ ነው። ዓይነቱ አፓርታማ መባል ሲገባው ቪላና ግቢ ያላቸው ቤቶች ከሚገቡበት ክፍል ገብቷል። ዋጋው ደግሞ 1 ብር ነው።

“አንድ ብር?” አሉ አያትየው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው።

“እማማ፣ ዋጋ በስምምነት ለማለት ነው። ባዶ አይቀበልማ።”

“እና በአንድ ብር ነው ቤቴን ያወጣኸው?”

ልጁ ያደረገውን ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ግን ውጤቱን ተመልከቱ። ተከራዩ ከ15,000 እስከ 25,000 ብር ብሎ ሲፈልግ የ1 ብሩ ቤት አይወጣም። ባለ ሁለት መኝታ ብሎ ሲመርጥ ባዶው አይወጣም። ሰሚት ብሎ ሲመርጥም አይወጣም። የሚያገኘው ምንም ማጣሪያ ሳይነካ የሚንሸራሸር ሰው ብቻ ነው፤ እሱም 1 ብር ሲያይ አጭበርባሪ መስሎት ያልፈዋል። አንዳንድ ድረ ገጽማ እንዲህ ያለውን ዋጋ ራሱ ያነሳዋል።

ስለዚህ ቅጹን እንደገና ሞላነው። ዓይነት፦ አፓርታማ። መኝታ፦ 2። ስፋት፦ 56 ካሬ። ክፍለ ከተማ ላይ ልጁ “ቦሌ እንበለው፣ ቦሌ ብዙ ሰው ይፈልጋል” አለ። ሰሚት ቀድሞ በቦሌ ክፍለ ከተማ ሥር ስለነበር ጨርሶ ከሜዳ የመጣ ሐሳብ አይደለም፤ ዛሬ ግን ለሚ ኩራ ነው። ቦሌ ብሎ የሚፈልግ ሰው አትላስን ወይም መድኃኔዓለምን አስቦ ነው የሚመጣው፤ ሰሚት መሆኑን ሲያይ ይመለሳል። ለሚ ኩራ ብለን ቀጥለን ሰሚትን መረጥን። ዋጋውን 22,000 ብር፣ በወር ብለን ሞላን። “በወር” የምትለዋን ምርጫ አደራ እዩልኝ። ቅጹ “በዓመት” ላይ ቆሞ የተረሳበት ቤት ገጥሞኛል፤ ተከራዩ 22,000ን ለ12 ሲያካፍለው ምን እንደሚያስብ ገምቱት።

ዋጋ ላይ አንዲት ነገር ልጨምር። ተከራይ ማጣሪያው ላይ የሚጽፈው ድፍን ቁጥር ነው፤ እስከ 20,000 ወይም እስከ 25,000 ይላል። ለ20,500 ብር ቤት የሚጠብቃችሁ ሰው የለም፤ እስከ 20,000 የሚለው አያያችሁም፣ እስከ 25,000 የሚለው ግን 24,000ም ቢሆን ያያችኋል። በድፍኑ ቁጥር ጫፍ ላይ ካላችሁ ወይ ጫፉ ላይ ቁሙ ወይ በግልጽ ከፍ በሉ።

አሁን ወደ ርዕሱ። “አስቸኳይ፣ እጅግ ውብና ዘመናዊ ቤት በተመጣጣኝ ዋጋ ይከራያል” ከሚለው ውስጥ ተከራይ ጽፎ የሚፈልገው ቃል የቱ ነው? “ውብ ቤት” ብሎ የሚፈልግ የለም። “ዘመናዊ” ሁሉም ማስታወቂያ ላይ አለ። ቦታው የለም፣ የመኝታው ብዛት የለም፣ ኮንዶሚኒየም የሚለው ቃል የለም። አንባቢው ካልከፈተው በስተቀር ስለ ቤቱ አንድም ነገር አያውቅም። የሚከፍትበት ምክንያት ደግሞ አልተሰጠውም።

እኛ የጻፍነው ይህን ነው፦

“ሰሚት ፊጋ ባለ 2 መኝታ ኮንዶሚኒየም የሚከራይ፣ 3ኛ ፎቅ”

ክፍት ቦታውን ጨምሮ 36 ፊደል ነው። ይህ ልክ በዘፈቀደ አልመጣም። ጎግል በውጤት ገጹ ላይ ርዕስን የሚቆርጠው በፊደል ብዛት ሳይሆን በስፋት ነው። በላቲን ፊደል 60 ገደማ ያስገባል፤ የእኛ ፊደል ሰፋ ስለሚል ከዚያ ያነሰ ነው የሚገባው። በስልክ ላይ ሁለት ሁለት ቤት ጎን ለጎን በሚያሳይ መተግበሪያ ደግሞ የሚታየው የመጀመሪያው ሃያ ፊደል ገደማ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው “ሰሚት ፊጋ ባለ 2 መኝታ” ከፊት የመጣው። ቢቆረጥ እንኳ ቦታውና መጠኑ ይተርፋሉ። “3ኛ ፎቅ” ቢቆረጥ ብዙ አይጎዳም።

“ይከራያል” ሳይሆን “የሚከራይ” ያልነውም ፈላጊው “የሚከራይ ቤት”፣ “የሚከራይ ኮንዶሚኒየም” ብሎ ስለሚጽፍ ነው። ለጆሮ “ይከራያል” ይጥም ይሆናል፤ እዚህ ግን የተከራዩን አፍ መከተል ይሻላል።

የአማርኛችን ጠባይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ይህን ልጆቹም ብዙ ጊዜ አያስተውሉትም። እኛ “በሰሚት”፣ “የሰሚት”፣ “ከሰሚት” ብለን ቃሉን አንድ ላይ እንጽፋለን። ትልልቆቹ የፍለጋ አገልግሎቶች ይህን በመጠኑ ይረዱታል። የትንንሾቹ ድረ ገጾች መፈለጊያ ግን አንዳንዱ ቃልን ከቃል ብቻ ነው የሚያስተያየው፤ ለእሱ “በሰሚት” እና “ሰሚት” ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ የሰፈሩ ስም ቢያንስ አንድ ቦታ ያለ ተቀጥላ፣ ብቻውን ይቁም።

ፊደላቱም እንዲሁ። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። በቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ አባት “ፀሐይ” ብለው በትክክል ቢጽፉ፣ በስልኩ “ጸሀይ” ብሎ የሚፈልገው ወጣት ላያገኛቸው ይችላል። አጻጻፋችሁን አበላሹ አልልም። የሰፈር ስም ላይ ግን ሕዝቡ በታክሲ ታፔላና በሱቅ ሰሌዳ ላይ እንዳለመደው አትጻፉ፤ ሁለት አጻጻፍ ካለው አንዱን ርዕስ ላይ፣ ሌላውን ዝርዝሩ ውስጥ በተፈጥሯዊ ዓረፍተ ነገር አግቡት። “አፓርታማ” እና “አፓርትመንት”ም እንዲሁ ናቸው።

ብዙ ተከራይ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይፈልጋል። የሚበዛው ድረ ገጽም የሰፈር ዝርዝሩን በላቲን ነው ያስቀመጠው። ስለዚህ ከዝርዝሩ ማብቂያ ላይ አንዲት መስመር ጨመርን፦

```
2 bedroom condominium for rent, Summit Figa, Addis Ababa
```

ልጁ ከዚህ በኋላ ሞቅ አለውና “ሲኤምሲ፣ አያት፣ ገርጂ፣ ቦሌ፣ መገናኛ ብለን ሁሉንም ከታች እንደርድረው” አለ። ይህ የድሮ ብልሃት ነው፤ አሁን ጉዳቱ ያመዝናል። የፍለጋ አገልግሎቶች ቃል መደርደርን እንደ ማታለል ይቆጥሩታል፤ የድረ ገጾቹ ተቆጣጣሪዎችም እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲያዩ ያወርዱታል። ባያወርዱትም ገርጂ ፈልጎ ሰሚት የደረሰ ሰው ወዲያው ተመልሶ ይወጣል፤ ስልክ አይደውልም። ተገቢው መንገድ እውነተኛ ርቀትን መናገር ነው፦ “እስከ ሲኤምሲ መንገድ በታክሲ የሚደረስ” ቢባል ሲኤምሲ የሚለው ቃልም ገባ፣ አንባቢውም አልተታለለም።

ከርዕሱ ቀጥሎ ዝርዝሩ ይመጣል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከሌላው ሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ጎግል ከርዕሱ ሥር የሚያሳየውን ሁለት መስመር ብዙ ጊዜ የሚወስደው ከዚያ አካባቢ ነው፣ ድረ ገጹም “ተጨማሪ አንብብ” የሚለውን ሳትነኩ የሚያሳያችሁ እሱን ነው። ልጁ የጻፈው “ቤቱ በጣም አሪፍና ለመኖሪያ ምቹ ሲሆን ሁሉ ነገር የተሟላለት ነው” የሚል ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ግን አያቱን ያላስደነገጠ እኔን ያስደነገጠ ነገር አለ፦ “ባለቤቷ አዛውንት ሴት ናቸው፣ ከቤቱ ስለወጡ አሁን ባዶ ነው” ይልና የብሎኩንና የቤቱን ቁጥር ይሰጣል።

ይህን ሳልነጋገር አላልፍም። ባዶ ቤት፣ የበሩ ቁጥር፣ ባለቤቷ አዛውንት ናቸው፤ ለሌባ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለም። ለአጭበርባሪም ይመቻል፤ ፎቶውንና አድራሻውን ወስዶ “ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ቀብድ ላኩ” የሚል አለ። ለፍለጋ የሚጠቅመው የሰፈሩ ስም እንጂ የበሩ ቁጥር አይደለም። ሰፈርና የታወቀ ምልክት ይጻፍ፤ ብሎክና ቁጥር ቤቱን ሊያይ ለሚመጣ ሰው በስልክ ይነገር። የባለቤቱ ዕድሜ፣ ብቻቸውን መኖራቸው፣ ልጆቻቸው ውጭ አገር መሆናቸው ማስታወቂያ ላይ ምንም ሥራ የለውም።

የተስተካከለው ዝርዝር እንዲህ ሆነ፦

“ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ፊጋ አካባቢ፣ ባለ 2 መኝታ፣ 56 ካሬ፣ 3ኛ ፎቅ፣ በወር 22,000 ብር። ሊፍት የለውም። ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ ካቢኔት ያለው ማብሰያ ቤት፣ አንድ መታጠቢያ ቤት በቦይለር። የግል የካርድ ቆጣሪ አለው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ 500 ሊትር ሮቶ ተተክሏል። ሳሎኑ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል። መኪና ማቆሚያ የጋራ ነው፤ የጥበቃ ክፍያ ተከራይ ይከፍላል። ቅድሚያ ክፍያ የሁለት ወር። ቤቱን ቅዳሜና እሑድ ማየት ይቻላል።”

አያትየው ሲነበብላቸው “ሊፍት የለውም ብለህ ትጽፋለህ እንዴ? ውሃ በፈረቃ ነው ብለህስ? ማን ይመጣል?” አሉ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ግን ሰሚትን የሚያውቅ ተከራይ ውሃ በፈረቃ መሆኑን ከእኛ ቀድሞ ያውቃል። የሚፈልገው ሮቶ መኖሩን ነው፤ እሱን ለመናገር ፈረቃውን መናገር ግድ ነው። ሊፍቱም ያው ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደውሎ፣ መጥቶ፣ ሦስት ፎቅ ወጥቶ ከሚመለስ ከማስታወቂያው ላይ ቢቀር ለእርሳቸውም ለእሱም እረፍት ነው። አያትየው ቤቱን ለማሳየት ከልጃቸው ቤት ሁለት ታክሲ ይዘው ነው የሚሄዱት። የማይሆን ጎብኚ በበዛ ቁጥር የሚደክመው የእርሳቸው እግር ነው።

ቅድሚያ ክፍያውን በተመለከተ ልጁ መጀመሪያ “የ6 ወር ቅድሚያ” ብሎ ነበር፤ ጎረቤት እንደዚያ ስለሚያደርግ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ እንዳይቀበል ይከለክላል፤ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። ሕግ የሚከለክለውን ነገር በአደባባይ ጽፎ መለጠፍ ደግ አይደለም፤ ከዚያ በተጨማሪ አዋጁን የሚያውቀውና ውል አክባሪ የሆነው ተከራይ ያንን ሲያይ ነው ወደ ሌላው ቤት የሚያልፈው።

ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ ሌላ ስልክ ወስዳችሁ፣ በራሳችሁ ስም ሳትገቡ፣ እንደ ተከራይ ፈልጉት። ሰሚት፣ 2 መኝታ፣ እስከ 25,000 በሉና ቤታችሁ ይወጣ እንደሆነ፣ ርዕሱም የት ላይ እንደሚቆረጥ ተመልከቱ። እኛም አደረግነው፤ ቤቱ ወጣ፣ ርዕሱ ግን “ኮንዶሚ” ላይ ተቆርጦ ነበር። ሰፈሩና መኝታው ከዚያ በፊት ስላሉ አልነካነውም።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩን መከታተል ነው። ብዙ ድረ ገጽ ማስታወቂያው ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ሰው ስልኩን እንደነካ ለባለቤቱ ያሳያል። ቤቱ ምንም ያልታየ ከሆነ ችግሩ ቅጹ ወይም ርዕሱ ላይ ነው፤ ዋጋ ለመቀነስ አትቸኩሉ፣ ዋጋውን ገና ማንም አላየውም። ብዙ ታይቶ የሚደውል ከጠፋ ዋጋው ወይም ፎቶው ይመርመር፤ በተለይ የመጀመሪያው ፎቶ፤ የእኚህ እናት የመጀመሪያ ፎቶ የመጸዳጃ ቤቱ በር ነበር፣ በሳሎኑ ቀየርነው። ብዙ ተደውሎ፣ ብዙ ሰው መጥቶ የሚይዝ ከጠፋ ደግሞ ዝርዝሩ የደበቀው ነገር አለ ማለት ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ጎብኚዎች ምን እንዳስመለሳቸው ደውላችሁ ብትጠይቁ ይነግሯችኋል።

ማስታወቂያው ወደ ታች ሲወርድ ልጆቹ ያንኑ ደግመው ይለጥፋሉ። ይህም አይሆንም። ድረ ገጾቹ አንድን ቤት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያዩ ይሰርዙታል፤ ሁሉንም የሚሰርዝም አለ። ነባሩን “አድስ” የሚል ምርጫ ካለ እሱን መጠቀም፣ ከሌለም ዝርዝሩን አርሞ ማስቀመጥ ነው። ከፍሎ ወደ ላይ ማውጣትም አለ። ይህን አልቃወምም፤ ግን ቅጹ ባዶ ሆኖ፣ ዋጋው 1 ብር ሆኖ ብር ከፍሎ ማስወጣት የተበሳ ባልዲ ላይ ውሃ መጨመር ነው። መጀመሪያ ይስተካከል፤ አንድ ሳምንት ይታይ፤ ካስፈለገ ያኔ ይከፈል።

ደላላ የያዘው ቤት ከሆነ ደግሞ ከእሱ ጋር አንድ ዋጋ ተስማሙ። እናንተ 22,000 ብላችሁ፣ ደላላው በራሱ ፎቶ 26,000 ብሎ ከለጠፈው፣ ተከራዩ ሁለቱንም ያያል። አንዱ ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አያውቅም።

አያትየው ዘንድ በመጀመሪያው ሳምንት ዘጠኝ ሰው ደወለ። ሁለቱ ሊፍት እንደሌለ ሲያረጋግጡ ተዉት፣ ሦስቱ መጥተው አዩ። ቤቱን የያዙት አንድ ሕፃን ያላቸው ባልና ሚስት ናቸው፤ የፀሐይዋን ነገር አንብበው መምጣታቸውን ሚስትየዋ ነግራቸዋለች፣ የሕፃኑን ልብስ ማስጫ አስባ። ልጁ ውሉ በተፈረመ ዕለት ማታ “ተከራይቷል” የሚለውን ነክቶ ማስታወቂያውን አውርዶታል። ጽሑፉንና ፎቶዎቹን ግን በአያቱ ስልክ ላይ አስቀምጦላቸዋል፤ ሮቶው ቢቀየር ወይም ዋጋው ቢሻሻል እሱን ብቻ አርመው እንዲለጥፉት።